ያልተወሰደው ፈቃድ እስከ መቼ ይቆያል?

“ያልተወሰደ ፈቃድ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል” ብሎ የሚያቆም መመሪያ ጭቅጭቅ ይጠራል። ስንት ቀን? እስከ መቼ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። አምስት ዓመት ያገለገለች ገንዘብ ያዥ 18 ቀን አላት ማለት ነው። 12ቱን ብትወስድ ስድስት ይቀራታል። አዋጁ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይራዘም ስለሚከለክል፣ መመሪያው የእነዚህን ስድስት ቀናት የመጨረሻ መጠቀሚያ ቀን መጻፍ አለበት፤ እንዲህ ያለ ስሌትም በምሳሌነት ቢሰፍርበት መልካም ነው።

የፈቃድ ጥያቄ የማጽደቁ ሒደት አጭር ነው። ሠራተኛዋ ለቅርብ ኃላፊዋ በጽሑፍ ታመለክታለች፤ እሱም ለምሳሌ በአምስት የሥራ ቀናት ይመልሳል። ዝም ካለስ? “ጥያቄው ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ይተላለፋል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።