ሞግዚቷና ሹፌሩ፦ የሥራ ነጥብ እንዴት ይሰጣል?
(ለአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን በሕፃናት ማቆያ፣ በወጥ ቤትና በጽዳት ሥራ ተቀጥረን እንሠራለን። ደመወዛችን ከሹፌሩና ከጥበቃው ለምን እንደሚያንስ ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ «ሥራው አንድ አይደለማ!» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አንድ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንዲያገኙ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ግን ከዚህ ይሰፋል፤ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ይላል። እኩል ዋጋ መኖሩ የሚታወቀው ደግሞ ሥራዎቹ በአንድ መስፈሪያ ሲሰፈሩ ነው።

መስፈሪያው አራት ነገሮችን ያያል፦ ችሎታ፣ ኃላፊነት፣ ድካምና የሥራው አካባቢ። ለምሳሌ ጠቅላላውን 1000 ነጥብ ብናደርገው ለችሎታ 350፣ ለኃላፊነት 350፣ ለድካም 200፣ ለሥራው አካባቢ 100 ልንመድብ እንችላለን። የሚመዘነው ሥራው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። «እሱ እኮ ታታሪ ነው» የሚል ቃል ከተሰማ ምዘናው መንገድ ስቷል ማለት ነው።

አድልዎ የሚገባው በአብዛኛው ነጥብ ሲሰጥ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ አራቱ ሲዘረዘሩ ነው። ኃላፊነትን እንውሰድ። አንድ ድርጅት 350ውን ለንብረት 250፣ ለገንዘብና ለመዝገብ 100 ብሎ ቢከፍለው፣ መኪና የተረከበው ሹፌር ለንብረት 210፣ ለመዝገብ 40፣ በድምሩ 250 ያገኛል። ሞግዚቷ ለንብረት 60፣ ሕፃናት የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት ለምትመዘግብበት 35፣ በድምሩ 95 ታገኛለች። ማንም አልዋሸም። ግን አሥር ሕፃናት በእጇ መዋላቸው የትም ቦታ አልተጻፈም!

አሁን ያንኑ 350 ለንብረት 100፣ ለሰው ደኅንነት 150፣ ለመዝገብ 100 እናድርገው። ሹፌሩ ለንብረት 85፣ ለሚያሳፍራቸው ሰዎች 65፣ ለመዝገብ 40 ሲያገኝ 190 ይሆናል። ሞግዚቷ 25፣ 140 እና 35 ስታገኝ 200 ትሆናለች። ድካምም ከባድ ዕቃ ማንሳት ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ሌሎቹን በዓይን መጠበቅም ይቆጠራል። በሥራው አካባቢ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ከተቆጠረ ትውከትና ሽንት ጨርቅም መቆጠር አለበት። አራቱ ሲደመሩ ሹፌሩ 540፣ ሞግዚቷ 550 ቢያገኙ፣ ከ500 እስከ 599 ያለው አንድ ደረጃ ከሆነ ሁለቱም እዚያው ያርፋሉ። የ10 ነጥብ ልዩነት ማንንም ከማንም አያስበልጥም፤ መስፈሪያው ያን ያህል ስስ አይደለም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በበርከንሄድ ከተማ፣ ካሜል ሌርድ በተባለ የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ ጁሊ ሄይዋርድ የምትባል ወጥ ሠሪ ነበረች። ሥራዋ ከቀለም ቀቢው፣ ከአናጢውና የቧንቧ ሙቀት መከላከያ ከሚያለብሰው ሠራተኛ ጋር እኩል ዋጋ አለው ብላ ከሰሰች። ገለልተኛው ባለሙያ የአካል ድካምን፣ የሥራውን አካባቢ፣ ዕቅድና ውሳኔን፣ ችሎታን፣ ኃላፊነትን ለየብቻ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያለ መዝኖ እኩል ሆኖ አገኘው። በ1984 እ.ኤ.አ. ተፈረደላት። አሠሪው ግን ምሳና የሕመም ፈቃዷ ከወንዶቹ ይሻላል፣ ስለዚህ ይቻቻላል ብሎ ተከራከረ። በ1988 የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ክርክሩን አልተቀበለም፤ ደመወዝ ከደመወዝ ጋር ይነጻጸራል አለ። «ምሳ እንሰጥሻለን» ለሚሉን አሠሪዎች ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው።

ነጥብ ብሩን አይወስንም፤ የሚወስነው ደረጃውን ነው። ለየደረጃው ስንት ይከፈል የሚለው በድርድር ይቀራል። ልዩነቱ የሚስተካከለውም የሞግዚቷን ከፍ በማድረግ እንጂ የሹፌሩን በመቀነስ መሆን የለበትም፤ አለዚያ ነገ በሥራ ቦታችን ጠላት እናፈራለን። ደጋፊዎቻችንም የማቆያዎችን በጀት ስታዩ ይህ ጭማሪ በየዓመቱ የሚደጋገም ወጪ መሆኑን አብራችሁ እንድታስቡልን እንለምናለን።

አንድ ነገር ቀርቷል። መዛኞች የሚያዩት የሥራ መዘርዝሩን ነው። ሹፌሩ መዘርዝሩን ሲሞላ ዘይት መለካቱን፣ ጎማ ማየቱን ሁሉ ይጽፋል። እኛ ግን «ልጅ እጠብቃለሁ» ብለን በአንድ መስመር እንጨርሳለን። ያልተጻፈ ነጥብ አያገኝም። ስለዚህ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠሩትን በደብተር ያዙ፦ ለስንት ልጅ መድኃኒት በሰዓቱ እንደሰጣችሁ፣ ስንት ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ ልጅ እንዳነሳችሁ፣ ከየትኛው ወላጅ ጋር ስለምን እንደተነጋገራችሁ። መጻፍ የሚከብዳት እህት ካለች ጎረቤቷ እየጠየቀች ትጻፍላት።