ቡናው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለውጭ አገር እንግዶች ስለምናዘጋጀው የአቀባበል ካርድ በማኅበራችን የወር ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ከውጭ አገር ለሚመጡ እንግዶቻችን ምሳ ሳይቀርብ በእጃቸው የሚሰጥ አንድ ካርድ እንዲዘጋጅ በተስማማነው መሠረት ረቂቁን ይዤ ቀርቤአለሁ። ሒሳብ ያዥ ስለ ቡና ልትጽፍ ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ስትሥቁ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በሥራዬ የለመድኩትን ነው ያደረግሁት፤ ወረቀት ላይ ያለው ቤት ውስጥ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

በሆቴሎችና በአስጎብኚ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደውን ጽሑፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ እጣን ይጨሳል፣ ሦስት ሲኒ ይጠጣል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ገበታ ይበላል፣ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው ይላል። ውሸት የለበትም። ነገር ግን ጋምቤላ ላይ አንብበን የእያንዳንዳችንን ቤት ስናስብ ግማሹ አይገጥምም፤ እንግዳው ማወቅ የሚፈልገው ዋናው ነገርም የለበትም። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ከመጡት እንግዶች አንዲቱ አቦልን ጠጥታ፣ አመስግና፣ መኪና እየጠበቀኝ ነው ብላ ተነሣች። ቡናውን ያፈላችው እህታችን ጀበናውን ለቶና መልሳ እሳት ላይ እንደጣደች ቀረች። እንግዳዋ በቅን ልቡና አንድ ሲኒ ተጋብዛ አንድ ሲኒ ጠጣች፤ እህታችን ደግሞ ቡናዬ አልጣፈጣትም፣ ወይም ቤቴን ንቃዋለች ብላ ሰነበተች። ሁለቱም አላጠፉም። የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ በሦስት አባሎቻችን ቤት ሰዓት ይዤ ተቀመጥሁ። ከሰሉ ከተቀጣጠለበት ጊዜ አንሥቶ ቡናው ታጥቦ፣ በብረት ምጣድ ተቆልቶ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ጀበናው ፈልቶ አተላው እስኪሰክን ድረስ የመጀመሪያው ሲኒ እንግዳው እጅ የገባው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ቶና ከዚያ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይርቃል፤ በረካም እንዲሁ። ስለዚህ ካርዱ «አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡ» ማለት አለበት። ጊዜ ከሌለ ቀድሞ መናገር ነውር እንዳልሆነም ይጨምር፤ አፍይዋ ካወቀች ቆልታና ወቅጣ ልትጠብቅ ትችላለች። ነውር የሚመስለው በመካከል መነሣት ነው።

ሦስቱ ሲኒዎች ለምን እንደሚለያዩም ይነገር። ቶና ማለት በዚያው በአቦሉ አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ እንደገና የፈላ ነው፤ በረካም ከዚያ የቀጠነ ነው። እንግዳ ይህን ካላወቀ ቡናው አልቆባቸው ነው የሚያቀጥኑት ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ ወይም ሦስት ብርቱ ቡና ጠጥቼ እንዴት እተኛለሁ ብሎ ይሰጋል። የእኛን ሲኒ በመለኪያ ብሞክረው ሰባ ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ሦስቱ ተደምረው አንድ ተራ የውኃ ብርጭቆ አይሞሉም። በረካ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በረከት ማለት ነው። እናቶቻችን ሳትጠጡት አትሂዱ የሚሉትም ለዚህ ስለሆነ፣ ጥቂት እንኳ ቀምሶ መሄድ ይበቃል ብለን ጽፈናል።

እንግዳ ግራ የሚጋባበት ሌላም ቦታ አለ። የተቆላው ቡና በምጣዱ እየጨሰ በየሰዉ ፊት ሲዞር ብዙዎቹ ምጣዱን ሊቀበሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ምጣዱ ደግሞ ይፋጃል። ጭሱን በእጅ ወደ ራስ ሳብ አድርጎ ማሽተት፣ ከዚያም ደስ የሚል ነው ማለት ነው እንጂ የሚወሰድ ነገር የለም። ስኳርን በተመለከተ ካርዱ ሳይሆን እኛ ነን መታረም ያለብን። ሳንጠይቅ ሁለት ማንኪያ እንጨምራለን፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት።

ወደ እጣኑና ወደ ቄጤማው ልመለስ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልላችን ሕዝብ 70 ከመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት ነው። ከእኛም አባላት መካከል እጣን ማጨስንና ሣር መጎዝጎዝን ከጥንት አምልኮ ጋር ስለሚያያይዙት ቡናን ያለ እነርሱ የሚያፈሉ አሉ፤ ቡናቸው ግን ያው ቡና ነው። ካርዱ እጣን ይጨሳል ብሎ ቃል ከገባ እንግዳው በእነርሱ ቤት ሥርዓቱ ጎደለ ብሎ ይጠይቃል፤ እህታችንም የማትፈልገውን ልታደርግ ወይም ልታፍር ነው። ስለዚህ «በአንዳንድ ቤት» የሚለውን ቃል አስገብቻለሁ። እጣን በሚጨስበት ቤት ደግሞ አስም ያለበት እንግዳ በር አጠገብ ልቀመጥ ቢል ቅር አንሰኝም የሚል አለበት። መቼም በእኛ ሙቀት ከሰል የተቀጣጠለበትን ቤት ዘግቶ መቀመጥ ለማንም አይበጅም።

አሁን ብዙ ወደተከራከርንበት ልግባ። «ኢትዮጵያውያን ሁሉ ከአንድ ገበታ አብረው ይበላሉ» የሚለው ነው። ለእንጀራ ቤት ልክ ነው። ግን ባለፈው አንድ ወንድ እንግዳ ባለበት ምሳ ላይ ከኑዌር የሆነች ወጣት አባላችን አልበላችም። እንግዳው ዝም ብሎ አይቶ፣ በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ሴቶቹ ከወንዶች የተረፈውን ይበላሉ ብሎ አሰፈረ። ልጅቱ ግን የተረፈ አልበላችም፤ ምግቧ ቀድሞ ተነሥቶላት ነበር። በኑዌር ባህል ወጣት ወንድና ሴት ዝምድና ከሌላቸው አንዱ በሌላው ፊት አይበሉም፤ ወንዱም ቢሆን በእንዲያች ልጃገረድ ፊት መብላት ያፍራል። ክልከላው በሁለቱም ላይ ነው፤ መከባበር ነው። ከተማ ውስጥ የተዉት አሉ፣ የያዙትም አሉ። ለጋሾቻችን ስለ ሴቶች ኑሮ የሚጽፉት በእንዲህ ዓይነት ምሳ ላይ ያዩትን ስለሆነ፣ ይህ መስመር በካርዱ ላይ ካልኖረ በሪፖርታቸው ላይ የሚኖረው የተሳሳተው ነው።

ምግቡም እንጀራ ብቻ አይደለም። በኑዌር ቤት ዋልዋል ከወተት ጋር ሊቀርብ ይችላል። በአኝዋ ቤት የበቆሎ ወይም የማሽላ ገንፎ ከባሮ ዓሣ ጋር ይቀርባል። ከመዠንግር የመጡት እህቶቻችን ደግሞ በአካባቢያቸው ከቡናው ቅጠል የሚፈላ መጠጥ እንዳለ፣ እንግዳ ፍሬውን ብቻ ቡና ነው ብሎ እንዳይሄድ አሳስበውኛል፤ አስገብቼዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ የኦርቶዶክስ እህቶቻችን ሥጋም ወተትም አይቀምሱም። ሥጋ ሲኖርም የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ለየብቻ ይቀርባል። እንግዳው ከሁለቱም መብላት ይችላል፤ ግን የአንዱን ማንኪያ በሌላው ሳሕን ውስጥ እንዳያስገባ ይነገረው።

የመጨረሻው ነጥብ «በሞቴ» ነው። ረቂቁን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ወጣት አባላችን ቃሉን እንዳለ ብትመልሰው «ካልበላህ እሞታለሁ» ሆኖ አረፈ። ሣቅን፤ እንግዳው ግን ይደነግጥ ነበር። ስለዚህ ቃሉን ትተን ነገሩን አስረዳን። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «በቃኝ» ይሉኝታ ነው ተብሎ አይታመንም፤ ሁለተኛውም ያጠራጥራል። በእነርሱ አገር ግን አንድ ጊዜ በቃኝ ያለ ሰው በቅቶታል። ውጭ አገር ተጋብዘው አንድ ጊዜ በቃኝ ብለው ሳይጠግቡ የተመለሱ የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እዚህ ደግሞ እንግዳው ሳይወድ ይጠግባል። ካርዱ ምልክቱን ይነግረዋል። እጅን ደረት ላይ አድርጎ «ጠግቤአለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ነው፤ ከፊቱ ካለው እንጀራም ጥቂት ማስተረፍ ነው። ፊቱን ጠርጎ ከበላው ግን ወጥ ይጨመርለታል፤ ባዶ ቦታ ማለት ጨምሩልኝ ማለት ነውና።

ጉርሻም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን መቀበል ደግ ነው፤ በጤና ምክንያት የማይችል ሰው ማዕድ ሳይቀርብ ቢናገር ማንም አይቀየምም፤ ያጎረሰውን መልሶ ለማጉረስ የሚፈልግ በቀኝ እጁ ያጉርስ። በሁሉም ቤት ወንድና ሴት እንደማይጎራረሱ ከላይ ያልኩት ያስረዳል። ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ አልበላም ማለትም ነውር አይደለም። ለውዝ በቡና ቁርሳችን ላይ ስለማይጠፋና ለአንዳንድ ሰው አደገኛ ስለሆነ፣ የማይስማማው እንግዳ ቀድሞ እንዲነግረን ጠይቀናል።

የታሪክ ነገር ይግባ ያላችሁኝ ነበራችሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አስቀርቻለሁ። በ1902 እ.ኤ.አ. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ የኢትዮጵያ ቡና ከዚህ ከተማ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። እንግዳው ሲኒውን ይዞ ወንዙን እያየ ቢያነበው ይወደዋል። የቀረውን ታሪክ አፍይዋ ትንገረው፤ ሃምሳ ደቂቃ አላት።

ረቂቁ እንዲህ ይጀምራል፦ «እንኳን ደህና መጡ። ቡና ተጋብዘዋል፤ እባክዎ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡ፤ ከቸኮሉ አሁኑኑ ይንገሩን። ከተቀመጡበት ሳይነሡ ሁለት እጅዎን ይዘርጉ፤ ውኃ የምታፈስልዎ ሰው አለች። የሚበሉት በቀኝ እጅዎ ነው። በዚህ ቤት ሁሉም ሰው አብሮዎት ላይበላ ይችላል፤ ይህ የመከባበር ልማድ ስለሆነ፣ ለማወቅ ከፈለጉ የቤቱን እመቤት በትሕትና ይጠይቁ።»

ከዚህ በኋላ ያለው እስካሁን የነገርኳችሁ ነው። በአንድ ወረቀት ሁለት ገጽ ታጥፎ ይወጣል፤ ፊደሉ እንዳያንስ ብዬ የአልባሳትን መስመር አውጥቼዋለሁ። የኑዌርና የአኝዋ እህቶቻችን የየራሳቸውን መስመር አንብበው ሳይፈርሙበት ማተሚያ ቤት አይሄድም። እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ ቅጂው ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ እርማታችሁን በእርሳስ ጻፉበት።