አምስት ሰላምታ በአምስት ቀን
(ለአዲሶቹ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎቻችን ከተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አሁን «እንደምን አመሻችሁ» ስንል ማንም አልተገረመም። ሰዓቱ ምሽት ነው፤ የምናነጋግረውም ብዙ ሰው ነው። ጠዋት ቢሆን «አደራችሁ» እንል ነበር። ለአንድ ወንድ ልጅ «አመሸህ»፣ ለሴት ልጅ «አመሸሽ»፣ እዚህ ፊት ለተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ «አመሹ» እንላለን። ይህን ማንም ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አላስተማረንም። ከእናቶቻችን ጉያ ነው የቀሰምነው። ከጎንደር በቅርቡ የመጣ ሰው ግን ዕብራይስጥ ሲጀምር ቃሉንም፣ ቃሉ የሚባልበትንም ጊዜ አንድ ላይ መማር አለበት። እኛም መጀመሪያ ላይ ቃሉን ብቻ እያስተማርን ሰዉን ወደ ውጭ እንልክ ነበር።

ስህተታችንን የገለጡልን አንድ አባት ናቸው። በመርካዝ ክሊታው ክፍላችን ከሁሉ ጎበዝ እሳቸው ነበሩ። «ማ ሽሎምኻ?» ሲባሉ ሳይዘገዩ «ባሩኽ ሃሼም፣ ቶዳ» ይሉ ነበር፤ እኛም እናጨበጭብላቸው ነበር። አንድ ቀን ጉልበታቸውን ሲያማቸው ቆይቶ ብቻቸውን ወደ ኩፓት ሖሊም ሄዱ። ሐኪሙ «ማ ሽሎምኻ?» አላቸው። እሳቸውም እንዳስተማርናቸው «ባሩኽ ሃሼም፣ ቶዳ» አሉ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ የድሮውን የደም ግፊት መድኃኒት አድሶ ሰጣቸው፤ እሳቸውም እያነከሱ ወደ ቤት ተመለሱ። «ለምን አልነገሩትም አባባ?» ስንላቸው፣ «ሰላም ብሎኝ ሰላም አልኩት። ስለ ጉልበቴ ግን ሳይጠይቀኝ ቀረ» አሉን። በአማርኛ ልማድ ልክ ናቸው። መጀመሪያ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ችግሩ ቀጥሎ ይመጣል። ለሐኪሙ ግን ያ የመጀመሪያ ቃል ጥያቄው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ከእሑድ እስከ ሐሙስ አደረግነው። በቀን አንድ ሰላምታ፣ በጠቅላላው አምስት። እያንዳንዱን ሰላምታ ከመልሱና ከሚባልበት ቦታ ጋር እንሰጣለን። መለማመጃችን በሩ ነው። ተማሪው ወጥቶ ያንኳኳል፣ ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ መልስ ያገኛል። ሰላምታ ቁጭ ተብሎ ከሰሌዳ ሲነበብ በአፍ ይቀራል እንጂ ወደ እግር አይወርድም።

እሑድ «ሻሎም» ነው። ይህን ተማሪዎቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ «ሰላም» የሚለው ቃል ወንድም ነውና። ሲገባም ሲወጣም፣ ጠዋትም ማታም፣ ለሕፃንም ለአዛውንትም አይለወጥም። ስለዚህ ለጀማሪ መጠጊያው ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋው በ«ሻሎም» አይሳሳትም። ይህን በግልጽ ንገሯቸው፣ ምክንያቱም ብዙ ትልልቅ ሰዎች ዝም የሚሉት ቃል አጥተው ሳይሆን እንዳይሳሳቱ ፈርተው ነው።

ሰኞ «ቦከር ቶቭ» ነው። መልሱ ራሱ «ቦከር ቶቭ» ወይም «ቦከር ኦር» ነው፤ «የብርሃን ጠዋት» እንደ ማለት። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እኛ ጠዋት አራት ሰዓት የምንለው እዚህ 10:00 ነው። «እስከ 12:00 በሉ» ብትሏቸው አንዳንዱ በልቡ በራሱ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ብሎ ይይዘዋል፤ እስኪጨልም ድረስም «ቦከር ቶቭ» ይላል። ስለዚህ በቁጥር አናስተምርም። «ከምሳ በፊት» እንላለን፣ በቃ። ከምሳ በኋላ «ቦከር ቶቭ» ያለ ሰው ሌላም ነገር ይገጥመዋል። ዕብራይስጥ ተናጋሪ አርፍዶ ለነቃ ሰው በቀልድ የሚለው ነውና፣ ሰሚው የተሾፈበት ሊመስለው ይችላል። ከምሳ እስከ ምሽት ያለውን ሰዓት «ሻሎም» ይሸፍነዋል። «ጾሆራይም ቶቪም» የሚል የቀትር ሰላምታም አለ፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አንጨምረውም።

ማክሰኞ «ኤሬቭ ቶቭ» ነው። ቃሉን ለማስያዝ «ዓርብ» የሚለውን ቀናችንንና «ምዕራብ»ን እናስታውሳቸዋለን። ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፣ የፀሐይ መግቢያ የሚለው ነገር በሁሉም ውስጥ አለ። አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ይሄ የኛው ቃል ነዋ!» ብለው ከዚያ ወዲያ አልረሱትም። ሰዓቱ ግን እንደ አገራችን አይደለም። ጎንደር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትገባለች። እዚህ በታኅሣሥ ገና 17:00 ሳይሞላ ይጨልማል፣ በሰኔ ደግሞ ወደ 20:00 ገደማ ድረስ ብርሃን ነው። ስለዚህ «ሰማዩን እዩ፣ ሰዓቱን ተዉት» እንላቸዋለን።

በዚሁ ቀን አንድ ማስጠንቀቂያ ለእናንተ ለአስተማሪዎች። «ላይላ ቶቭ»ን ከ«ኤሬቭ ቶቭ» ጋር በአንድ ቀን አታስተምሩ። ሁለቱም ከጨለማ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ሁለቱም በ«ቶቭ» ያልቃሉ፣ አንድ ላይ ከገቡ ይቀላቀላሉ። «ላይላ ቶቭ» የመለያያ ነው፤ «ደህና ደሩ» እንደ ማለት። በሩን ከፍቶ ሲገባ «ላይላ ቶቭ» ያለ ሰው፣ እንግድነት መጥቶ ገና ሳይቀመጥ «ደህና ደሩ» እንዳለ ሰው ነው። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን አንድ ላይ ሰጥተን ግማሹ ክፍል ለሳምንታት ሲያምታታቸው ነበር። አሁን በሁለተኛው ሳምንት እንሰጠዋለን፣ ያም ወደ ቤት ሲወጡ፣ በሩ ላይ ቆመን።

ረቡዕ «ማ ሽሎምኻ» ነው። ከአምስቱ እንደ ሰዉ የሚለዋወጠው ይህ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሌሎቹ አፍ ላይ ከለመዱ በኋላ ይመጣል። ለወንድ «ሽሎምኻ»፣ ለሴት «ሽሎሜኽ»፣ ለብዙዎች «ሽሎምኸም»። ቃል በቃል «ሰላምህ ምንድን ነው» ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ወንድና ሴት መለየት አይከብደውም፣ «ነህ»ና «ነሽ» እያለ ነው ያደገው። የሚከብደው «እርስዎ» መጥፋቱ ነው። በዕለት ንግግር ዕብራይስጥ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አታ» ይላል። አንዲት እናት ከሚስራድ ተመልሰው «ይቺ የልጅ ልጄ የምታክል አንቺ ትለኛለች!» ብለው ተቀይመው ነበር። ልጅቷ አልናቀቻቸውም፣ ቋንቋዋ ሌላ ቃል አልሰጣትም። ይህን አስቀድመን ካልነገርናቸው በየቢሮው የሚሰሙት ሁሉ ስድብ ይመስላቸዋል።

የእኛም ልጆች ችግር አለባቸው። አባት የሚያህሉትን ሰው «ማ ሽሎምኻ» ማለት ያሳፍራቸውና ዘለው ያልፉታል፣ ወይም ለአክብሮት ብለው ለአንድ ሰው «ሽሎምኸም» ይላሉ። ያኔ ተማሪው ትክክለኛውን አይሰማም። እንዲህ በሉ፦ «አባባ፣ አሁን የምለው የዕብራይስጡን ነው፣ አይቀየሙኝ»። ከዚያ በድፍረት ተናገሩ፣ ሲያልቅ ወደ «እርስዎ» ተመለሱ።

አሁን ወደ ኩፓት ሖሊሙ አባት እንመለስ። «ማ ሽሎምኻ» ሁለት ቦታ አለው። በመንገድና በበር ላይ ሰላምታ ነው፤ «ባሩኽ ሃሼም» ወይም «በሴደር» ይበቃዋል፣ ጠያቂውም ረጅም መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። ሐኪም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠየቁ ግን ጥያቄ ነው፣ መልሱም ሁለተኛ ክፍል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ በሩንም ጠረጴዛውንም አደረግን። በሩ ላይ፦ «ማ ሽሎምኻ?» «ባሩኽ ሃሼም!» ጠረጴዛው ላይ፦ «ማ ሽሎምኻ?» «ባሩኽ ሃሼም፣ አቫል ኮኤቭ ሊ ካን»፤ ማለትም «ፈጣሪ ይመስገን፣ ግን እዚህ ያመኛል»፣ እጁም የሚያመው ቦታ ላይ። ምስጋናውን አላስጣልናቸውም። እሱ የእነሱ ነው። ያን «አቫል» ብቻ ጨመርንላቸው። አባባም ተመልሰው ሄዱ፣ ይህንኑ አሉ፣ እጃቸውንም ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሐኪሙ ያን ቀን ጉልበታቸውን አየ።

ሐሙስ «ሻባት ሻሎም» ነው። ይህን የምናስተምር ሳይሆን የምንመልስ ነው የሚመስለን፤ «ሰንበት ሰላም» እያሉ ያደጉ ሰዎች ናቸውና። የምንጨምረው ጊዜውን ነው። ሐሙስ ሥራ ቦታ ወይም ክፍል ስንለያይ ይባላል፣ ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ በሱቁም በኦቶቡሱም ይባላል፣ ሰንበት እስኪወጣ ይቀጥላል። ቅዳሜ ማታ ኮከብ ከታየ በኋላ ግን «ሻቩዓ ቶቭ» ነው። አንዳንድ ጀማሪ ዓርብ ጠዋት «ሻባት ሻሎም» ሲባል «ገና ነው እኮ» ብሎ ዝም ይላል፤ ሰላም ያለው ሰው ግን መልስ ተነፍጎ ይሄዳል።

ተማሪው ማወቁን እንዴት እናውቃለን? «ቦከር ቶቭ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፣ ሁሉም ይመልሳል። እኛ ካርዶች አሉን። አንዱ ላይ የፀሐይ ሥዕል፣ አንዱ ላይ ጨረቃ፣ አንዱ ላይ የሰንበት ሻማ፤ ሌሎቹ ላይ ሾሜር፣ የኦቶቡስ ሹፌር፣ ሐኪም፣ ጎረቤት ሴት። ተማሪው ሲያንኳኳ አንድ የጊዜና አንድ የሰው ካርድ እናሳየዋለን። ወዲያው ተገቢውን ካለ አውቋል። ከንፈሩ መጀመሪያ በአማርኛ ከተንቀሳቀሰ ገና እየተረጎመ ነው፣ አንድ ቀን ይጨመርለት። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ኮሪደር ላይ ነው፤ ሳይዘጋጁ ስታገኟቸው ሰላም በሏቸውና ስሙ።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። ይህ ሳምንት ሰውን ዕብራይስጥ አያስችለውም። «ሻሎም» ብሎ ከገባ በኋላ ሌላው ሰው አከታትሎ ቢናገር አይገባውም፤ ያ የኡልፓኑ ሥራ ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሚስራድ የሚሄዱትን አሁንም አብራችሁ ሂዱ። ብቻ በሩ ላይ ስትደርሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉና ሰላምታውን እሳቸው ይስጡ።

ደህና እደሩ፤ ወይም ወደ በሩ እየሄድን ስለሆነ፣ ላይላ ቶቭ!