የመማሪያ መጽሐፍ ከስልክ ወደ ታብሌት

ከላላ ከተማ የሚኖር ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፉ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ደረሰው እንበል። በታብሌት ሰፊ ገጽ ሊያነበው ቢፈልግ መጀመሪያ ፋይሉን ከቴሌግራም ያውጣ፦ ከፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Save to Downloads ይበል። ብዙዎች ይህን ስለሚዘሉ ነው ፋይሉ ሲፈለግ የሚጠፋው።

ለማሻገሩ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁለቱም አንድሮይድ ከሆኑ ብሉቱዝና ዋይፋይ ይከፈቱ፤ ፋይሉን ሼር ሲያደርግ Quick Share ይምረጥ፣ ታብሌቱ ላይ ደግሞ ይቀበል። 50 ሜጋባይት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ያልፋል። በብሉቱዝ ብቻ ከሆነ ግን ደቂቃዎች ይፈጃል።

በኬብል በኮምፒውተር በኩል ማሻገርም ይቻላል። ስልኩ ሲሰካ ቻርጅ ብቻ ካደረገ፣ ከላይ ያለውን ማሳወቂያ ስቦ File transfer ይምረጥ። በሌላ ኬብል ምርጫው ከመጣ፣ የመጀመሪያው ኬብል መብራት እንጂ ፋይል አያስተላልፍም ማለት ነው። ኪንድል ላለው መድረሻው documents የሚባለው ፎልደር ነው።

በእነዚህ መንገዶች የሚሻገረው ቅጂው ብቻ ነው። በስልኩ የደረሰበት ገጽ አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ የገጹን ቁጥር ደብተሩ ላይ ይጻፍ።