መግቢያውን የደገመ መደምደሚያ



በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የረጲ ቆሻሻ መጣያ፥ «ቆሼ» የምንለው፥ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመካከላችን አንዱ ስለዚህ ሠፈር ጥናት ጻፈ እንበል። በመግቢያው «የመጣያው ፍሳሽ የጉድጓድ ውሃን ይበክል እንደሆነ እንመረምራለን» አለ። በጥር ወር ከ6 ጉድጓዶች ቀድቶ ናይትሬት ለካ፤ ለመጣያው በቀረቡት በ3ቱ ውስጥ በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ አገኘ፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ያልፋል።

መደምደሚያው ግን «ፍሳሹ ውሃን ይበክል እንደሆነ መርምረናል፤ ጉዳዩ ትኩረት ያሻዋል» ይላል። ይህን ለመጻፍ እኮ ጠርሙስ ይዞ መውጣት አያስፈልግም ነበር! የውጤቱን ምዕራፍ በእጃችን ሸፍነን መደምደሚያው ሳይጎድል ከተነበበ፥ መግቢያው ግሡን ለውጦ ተመልሷል ማለት ነው።

ውጤቱ ምን ያስከትላል? ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፤ ስለዚህ ለሠፈሩ እናቶች «አፍልታችሁ አጠጡ» ማለት አይበቃም፤ የ3ቱ ጉድጓዶች ውሃ ለሕፃናት ወተት ማዘጋጃ መሆን የለበትም።

ወሰኑስ? ናይትሬት ከመጸዳጃ ጉድጓድም ይመጣልና ጥፋቱን ሁሉ በቆሼ ላይ መጫን አንችልም። የጥር ልኬትም ስለ ክረምት አይናገርም። ብዙዎቻችን በዚህ ቦታ «ጊዜና ገንዘብ አጠረን» እንጽፋለን፤ ይህ የጸሐፊው ችግር ነው እንጂ፥ ከውጤቱ የትኛው ክፍል እንደማይታመን ለአንባቢው አይነግረውም።