እትዬ ደረሰኝ ያመሰገኑን ነገር

በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር የገንዘብ ያዣችንን የጡረታ ሽኝት በጽሕፈት ቤቱ ስናደርግ ቦታው ስለጠበበ ብዙዎቻችሁ አልተገኛችሁም። ከዚያ ወዲህ «ምን ብለው ተሰናበቱ?» እያላችሁ ስትጠይቁን ሰንብታችኋል። ስለዚህ የዓመቱን ሒሳብ ከማቅረባችን በፊት እርሳቸው ያሉትን እንንገራችሁ። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ አትጠሩትም፤ «እትዬ ደረሰኝ» ነው የምትሏቸው። «ደረሰኝሽን ሳትይዢ ከዚህ በር አትወጪም» እያሉ 23 ዓመት ስለተሟገቱን ስሙ የሚገባቸው ነው። እርሳቸውም ለምደውታል።

እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ስጦታ ገዝተን፣ ዳቦ አስጋግረን፣ መሐረብም ይዘን ነበር የተቀመጥነው። የሽኝት ንግግር ስለ ፍቅርና ስለ ትዝታ ነው ብለን እንባ ለማበስ ተዘጋጅተናል። እርሳቸው ግን ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጆቼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስላላመናችሁኝ አመሰግናችኋለሁ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምታቀርበው ልጅ ሳትቀር ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እርሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ ወይም እየቀለዱም እውነታቸውን ነበር።

በመጀመሪያ ያመሰገኑት የቁጥጥር ኮሚቴውን ነው። «ኮቴ ሳያሰሙ ይመጡ ነበር። ምሳዬን ልጎርስ እጄን ስታጠብ፣ ወይ ዝናብ ሊጥል ነው ብዬ ወደ ቤቴ ልሮጥ ስነሣ፣ ቀና ስል በር ላይ ናቸው» አሉ። ይህ ድንገተኛ ቆጠራ የምንለው ነው። ኮሚቴው ቀኑን ለማንም አይናገርም፤ ለሥራ አስኪያጇም ቢሆን። እንደገባ ሥራው ይቆማል፤ የመጨረሻው የገቢ ደረሰኝና የመጨረሻው የወጪ ማዘዣ ቁጥር ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት መጨመር አይቻልም። ቀጥሎ በክፍሉ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሁሉ፣ የካዝናው፣ የመሳቢያውና የጥቃቅን ወጪው፣ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ተራ በተራ ቢቆጠር የአንዱን ጉድለት በሌላው ገንዘብ መሙላት ይቻላልና። «ነገ እመልሳለሁ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ከተገኘ እንደ ገንዘብ አይቆጠርም። ባለ 200ው፣ ባለ 100ው፣ ባለ 50ው እያለ እስከ ሳንቲሙ በየዓይነቱ ይቆጠራል። በመጨረሻም ከትናንቱ ቀሪ ላይ የዛሬው ገቢ ተደምሮ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ከተቆጠረው ጋር ይመሳከራል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ገንዘብ ያዧ ከጠረጴዛው አትነሣም። ሲያልቅም ገንዘቡ ፊቷ ተቆጥሮ በሙሉ እንደተመለሰላት ትፈርማለች። እትዬ ስለዚች ፊርማ ሲናገሩ ድምፃቸው ለወጥ አለ። «ያቺ ፊርማ ለኮሚቴው መስላኝ እናደድ ነበር። የቤቴን ቆርቆሮ ያስቀየርኩ ጊዜ በሰፈሩ ‹ከየት አምጥታ ነው?› ተባለ። እኔ ከማንም ጋር አልተከራከርኩም። የስንት ዓመት የቆጠራ ወረቀት በፋይል ተቀምጧል፤ ፋይሉ ተከራከረልኝ።» እኛ ያን ጊዜ የሐሜቱን ነገር አናውቅም ነበር። ለስንት ጊዜ ብቻቸውን እንደተሸከሙት የሰማነው በዚያ ቀን ነው።

ሁለተኛው ምስጋናቸው ለክፍላችን ነበር። አንድ ምሽት ሒሳብ ሲዘጉ ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ መዝገቡ ከሚለው 270 ብር በልጦ ተገኘ። «ጎደለ ቢሉኝ እደነግጥ ነበር፤ ተረፈ ሲሉኝ ግን ደስ ብሎኝ ቦርሳዬን አነሣሁ» አሉ እየሳቁ። ክፍላችን ግን አላስወጣቸውም። የተረፈ ገንዘብ የሰው ገንዘብ ነው፤ የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ብቻ የማንም ያልሆነ ይመስላል።

ያን ምሽት የሠራነውን እናንተም ለዕቁባችሁና ለሱቃችሁ ይጠቅማችኋልና እንናገረው። ልዩነቱን ለ9 አካፈልነው። 270 ለ9 ሲካፈል 30 ይሆናል፤ ቀሪ የለውም። ልዩነት ለ9 እኩል ሲካፈል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸው ነው። የተለዋወጡት የመቶውና የዐሥሩ ቤት ከሆኑ ደግሞ ልዩነቱን ለ90 እናካፍላለን። 270 ለ90 ሲካፈል 3 ነው። ስለዚህ የምንፈልገው የመቶ ቤቱና የዐሥር ቤቱ አኃዝ በ3 የሚለያዩበትን ቁጥር ነው። የቀኑን ደረሰኞች ሁሉ አንድ በአንድ በማየት ፈንታ እንደዚያ ያሉትን ብቻ መረጥን፤ አራት ሆኑ። ሦስተኛው ላይ ተገኘ፦ ሽንኩርት ከምትሸጥ አባላችን የተቀበሉት 630 ብር በደረሰኙ ላይ በትክክል ተጽፎ፣ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ 360 ሆኗል።

«መነጽሬን ጥዬ መጥቼ ነው አልኳቸው» አሉ እትዬ፤ «እነዚህ ልጆች ግን ‹እትዬ፣ መነጽሩ ግንባርዎ ላይ ነው› አሉኝ።» ቤቱ በሳቅ ሞላ። እርሳቸው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ቀጠሉ፦ «በደንባችን አንድ አባል የቁጠባዋን ሦስት እጥፍ ትበደራለች። እኔ በዚያ ምሽት ቦርሳዬን ይዤ ብሄድ ኖሮ ያቺ ሴትዮ ከቁጠባዋ 270፣ ከብድሯ 810 ብር ይጎድልባት ነበር። ለእርሷ ያ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ነው። ስላላስወጣችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ሦስተኛው ምስጋናቸው ስለ ዓመት ፈቃድ ነው። ለብዙ ዓመታት ፈቃድ አይወጡም ነበር፤ እኛም ትጋት ነው ብለን እናደንቅ ነበር። በኋላ የሥራ አመራር ኮሚቴው ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሁሉ በዓመት ቢያንስ 15 ቀን በተከታታይ እንዲያርፍ፣ ወንበሩም ላይ ሌላ ሰው እንዲቀመጥ ወሰነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአንዷን አባል ገንዘብ ወስዶ ነገ በሌላዋ ገቢ የሚሸፍን ሰው፣ ሽፋኑ እንዳይገለጥ በየቀኑ መገኘት አለበት። ሁለት ሳምንት ከራቀ ነገሩ ራሱ ይወጣል። «ያን ጊዜ ተጠረጠርኩ ብዬ አልቅሻለሁ። እኔ ከሌለሁ ይህ ቤት ይፈርሳል ብዬም አምን ነበር። በ16ኛው ቀን ስመለስ አልፈረሰም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ግን ዛሬ እዚህ እንድንቆም ያደረገን ነው። «ይህ ሁሉ ቁጥጥር አንድ ነገር አያይም» አሉ። እኛም በሥራችን የምናውቀው እውነት ነው። ድንገተኛ ቆጠራ ገንዘቡን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ለ9 ማካፈልም መዝገብ ውስጥ የገባን ቁጥር ነው የሚመረምር። አንዲት አባል 500 ብር ሰጥታ፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥላት ብትሄድና ያ ገንዘብ ኪስ ቢገባ፣ መዝገቡም ካዝናውም አያውቁትም። ሁለቱም ስለማያውቁት ይስማማሉ፤ ኮሚቴው ሲቆጥር ምንም አይጎድልም። ያን የምታውቀው ገንዘቡን የሰጠችው ሴት ብቻ ናት፤ ማስረጃ ሊሆናት ይችል የነበረውም ደረሰኙ ብቻ ነው። «ለዚህ ነው በር ላይ ስሟገታችሁ የኖርኩት» አሉ። «የምትቆጡኝ ሁሉ ‹እትዬ፣ እርስዎን አምናለሁ› ትሉኝ ነበር። የእኔ ፍርሃት ግን እኔን አምናችሁ የለመዳችሁትን፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ እንዳታደርጉት ነበር።»

ርክክቡ ሦስት ቀን ፈጀ። ገንዘቡ ተቆጠረ። ያልተሠራባቸው የደረሰኝ ጥራዞች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራ ቁጥር ተመዘገቡ፤ ባዶ ደረሰኝ ከገንዘብ እኩል መጠበቅ አለበትና። የካዝናው ቁልፎች ተረከቡ፤ ለባንኩም የእርሳቸው ፊርማ እንዲሰረዝ ደብዳቤ ተጻፈ። የዐርባ አባላት የቁጠባ ደብተር ተሰብስቦ ከሌጀሩ ጋር ተመሳከረ። ሰነዱ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ፈረሙበት። ሁሉ ካለቀ በኋላ እትዬ ቅጂያቸውን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብበው አጠፉትና «እንግዲህ የ23 ዓመቴን ደረሰኝ ያዝኩ» አሉ።

ስለ ራሳቸው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ስንቱን ሌሊት ሒሳብ ሲያስተካክሉ እንዳመሹ፣ ገንዘብ የጠፋባትን አባል ከራሳቸው ኪስ አውጥተው እንዳሳፈሩ አልተናገሩም፤ የሚያውቁ አሉ። የሰጠናቸውን ጋቢ ተቀብለውም ዋጋው ከየትኛው ሒሳብ እንደተከፈለ ጠየቁ። ከደመወዛችን አዋጥተን እንደገዛነው ስንነግራቸው የአዋጪዎቹን ዝርዝር አሳዩኝ አሉ። አሳየናቸው።

አሁን በወንበራቸው የተቀመጠችው ልጅ ወጣት ናት፤ ትጉህም ናት። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ «ይቺን ገና አናውቃትም» ትላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ «እትዬ የመረጧት ስለሆነች ደረሰኝ አያስፈልግም» ትላላችሁ። ሁለታችሁም አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናለን። ገንዘብ ስትሰጡ የደረሰኙን ዋናውን ቅጂ ተቀበሉ። በላዩ ያለውን ቁጥር ከሰጣችሁት ጋር እዚያው ቆማችሁ አስተያዩ። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አስነብቡ፤ ይህ ነውር የለውም። በየሦስት ወሩ ደብተራችሁን ወደ ሒሳብ ክፍል አምጡና ከሌጀሩ ጋር እናመሳክርላችሁ። ልጅቷን እንደ ሌባ እያያችሁ አይደለም። እትዬን የጠበቀቻቸው ያቺ ወረቀት እርሷንም እንድትጠብቃት ነው።

እትዬ ዛሬ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠዋል። እንዳታጨበጭቡ ስለለመኑን አታጨብጭቡ። ይልቅ ሻይ ቤቱ ጋ ስትወጡ ሂሳብ ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ዓመቱ ሒሳብ እንለፍ።