ደወሉ ተደውሏል፣ እርሳስ የለንም
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና እህቶች፣ ማኅበራችንን የምትደግፉ ወገኖች፣ እንደምን አደራችሁ! ሰላምታው ዛሬ ለወጉ ብቻ አይደለም፤ የምንነጋገረው ስለ ሌሊቱ ነው።

ባለፈው ወር ቡና ላይ አንዲት አባላችን ሕልሟን ስትነግረን ግማሾቻችን «እኔም!» አልን። ፈተና ነው፤ ደወሉ ተደውሏል፤ የመፈተኛ ካርዱ ጠፍቷል፤ እርሳስ የለም፤ ጥያቄውም ፈጽሞ ካልተማርነው ነው። ማትሪክ ከተፈተንን ግን ብዙ ዓመት ሆኖናል። አንዳንዶቻችን በሕልማችን ገና ከፋርታ መንገድ ላይ ነን፤ በሶውን እንደተሸከምን ደብረ ታቦር ሳንደርስ ይረፍዳል። ቤት ተከራይተን ስንማር ቅዳሜ ስንቅ ልናመጣ ሄደን እሑድ ማታ እንመለስ ስለነበር፣ መንገዱ ከኑሯችን የተወሰደ ነው። ጡረታ የወጣች እህታችን ደግሞ ዛሬም በሕልሟ ቢሮ ትደርሳለች፤ የሰዓት ፊርማው ተነሥቷል።

ገንዘብ ያዣችን ይህን ሕልም የምታየው መዝገቧ ሊመረመር ሲል፣ በዋዜማው ነው። የምትወድቀውም በሒሳብ ነው። በእውኑ ግን ሒሳብን በጥሩ ውጤት ነበር ያለፈችው! ኦስትሪያዊው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሕልም በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ይላል። ሕልሙ የሚመጣው በማግስቱ ከባድ ኃላፊነት ሲጠብቀን ነው፤ አእምሯችንም ፈርተነው በደኅና ያለፍነውን ፈተና መርጦ ያመጣል፣ «ያኔም ፈርተሽ ነበር፣ ምን ሆንሽ?» እንደማለት። እሱ ራሱ በወደቀበት በሕግ ሕክምና ተፈትኖ በሕልሙ አላየም፤ ያያቸው ያለፋቸውን ነው።

እኛ ግን እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። አንዲት አባላችን ከዘጠነኛ ክፍል ወጥታ ተዳረች፤ የአሥረኛን ፈተና አልተቀመጠችም። እሷም ታልማለች። በሩ ላይ ትደርሳለች፣ ተዘግቷል። ይህ ያለፈችው ፈተና ስላልሆነ የፍሮይድ ማጽናኛ አይደርሳትም።

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። ሕልሙ እየተመላለሰ እንቅልፍ ለሚነሳት ግን ባለሙያዎች የሚያሠሩት ቀላል ልምምድ አለ። ቀን ላይ ሕልሙን በደብተር ትጽፋለች፤ መጨረሻውን እንደፈቀደች ትለውጣለች፤ አዲሱን በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዐይነ ሕሊናዋ ትመለከታለች። ገንዘብ ያዣችን ፈታኙ እርሳስ ሲሰጣት ጻፈች። ሕልሙ አልቀረም፣ ግን እያላባት መንቃቷ ቀርቷል። በእውን የደረሰ ክፉ ነገር በሕልም ለሚመላለስባት ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይኖርባታል።

ያቺኛዋ እህታችን ግን መጨረሻውን አልለውጥም አለች። «በሩ የተዘጋብኝ በእውኔ ነው፤ በወረቀት ብከፍተው ምን ይጠቅመኛል?» የማታ ትምህርት ለመመዝገብና ደብተር ለመግዛት ብድር ጠይቃለች። ደንባችን ለበግና ለዶሮ እንጂ ለትምህርት ማበደርን አይጠቅስም። ጥያቄዋ ከሻይ በኋላ ለዚህ ስብሰባ ይቀርባል።